የብድር ማሻሻያ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ፦ ከመፈረማችሁ በፊት የሚነበብበትና የሚሰላበት መንገድ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የነጋዴዎችን የሂሳብ መዝገብ እሠራለሁ። ደብዳቤ ይዘው ከሚመጡት ደንበኞች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ባንኩ ብድሬን አሻሽሎልኛል፤ ወርኃዊ ክፍያዬም ቀንሷል። ታዲያ ዕዳዬ ቀለለ ማለት ነው?» ጠያቂው አንድ ጊዜ ባለወፍጮ ነው፣ ሌላ ጊዜ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ሌላ ጊዜ ሚኒባስ የሚያሠራ ሰው። ደብዳቤዎቹ ግን በጣም ይመሳሰላሉ፤ መልሱም እዚያው ደብዳቤው ውስጥ አለ። ችግሩ በአንድ መስመር ተጽፎ አለመገኘቱ ነው። አራት ቁጥሮችን ከየቦታቸው ለቅሞ ማውጣትና ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

መመሪያውን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው ስለሆኑ የእናንተን በየቦታቸው ተኩ። አዘዞ ላይ ወፍጮ ቤት ያላቸው አንዲት ተበዳሪ ሥራቸው ተቀዛቅዞ ስድስት ወር ሳይከፍሉ ቆዩ። መክፈል ባቆሙበት ዕለት ያልተከፈለው ዋና ብድር 480,000 ብር፣ የቀራቸው ጊዜ 36 ወር፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ ወርኃዊ ክፍያቸው ደግሞ 16,875 ብር ነበር። አሁን የደረሳቸው ደብዳቤ «የብድሩ ቀሪ ሂሳብ 524,000 ብር ሆኖ፣ በ18 በመቶ ወለድ፣ የመክፈያ ጊዜው በ24 ወር ተራዝሞ በ60 ወራት፣ በየወሩ 13,306 ብር እንዲከፈል ተፈቅዷል» ይላል። ወርኃዊ ክፍያው በ3,569 ብር ቀንሷል። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለውና የሚፈርመው ይህን አይቶ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የማሻሻያው ደብዳቤ፣ ሁሉም ገጾችና አባሪዎች
- የመጀመሪያው የብድር ውል ከነመክፈያ ሠንጠረዡ
- መክፈል ካቆማችሁበት ጊዜ በፊት ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለው የብድር ሂሳብ መግለጫ (ከቅርንጫፉ ታትሞ የሚሰጥ)
- አዲሱ የመክፈያ ሠንጠረዥ፤ ከደብዳቤው ጋር ካልተያያዘ ጠይቃችሁ ተቀበሉ
- የሂሳብ ማሽን ወይም ኤክሴል ያለው ኮምፒውተር ወይም ስልክ
- የኢትዮጵያንና የፈረንጆችን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ
- ወረቀትና እርሳስ

ይህ አሠራር የሚያገለግለው ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ለሚሰላና በየወሩ እኩል ክፍያ ላለው ብድር ነው። ከወለድ ነፃ ለሆነ የባንክ አገልግሎት ስሌቱ ሌላ ነው።

ደረጃ 1፦ የቀድሞውን ብድር በአንድ መስመር ጻፉ

ደብዳቤውን ከማንበባችሁ በፊት መነሻችሁን እወቁ። ከቀድሞው ውልና ከሂሳብ መግለጫው አራት ነገሮችን አውጡ፦ መክፈል ባቆማችሁበት ቀን የነበረው ዋና ብድር፣ የቀረው ወር፣ የወለዱ መጠን፣ ወርኃዊ ክፍያው። ከዚያ ወርኃዊ ክፍያውን በቀሪዎቹ ወራት አባዙ። በምሳሌያችን 16,875 በ36 ሲባዛ 607,500 ብር ይሆናል።

ይህ ቁጥር ምንም ሳይቋረጥ ብትከፍሉ ኖሮ ከእጃችሁ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ነው። ያለ እርሱ አዲሱ ብድር ውድ ይሁን ርካሽ መለየት አይቻልም፤ ደብዳቤውም ይህን ቁጥር አይጽፍላችሁም።

ደረጃ 2፦ አዲሱ ዋና ብድር ከየት እንደመጣ ፈልጉ

480,000 የነበረው 524,000 ሆኗል። መካከል ላይ ያለው 44,000 ብር በእጅ የገባ ገንዘብ አይደለም። ያልተከፈለው ወለድና መቀጫው ከዋናው ብድር ጋር ተደምረው ነው። በደብዳቤ ላይ «የተጠራቀመው ወለድ ወደ ዋናው ብድር እንዲዞር» ወይም «ቀሪ ሂሳቡ ከነወለዱ ተጠቃሎ» በሚል ቃል ይመጣል። አንዳንዴም ምንም ሳይባል አዲሱ ድምር ብቻ ይጻፋል፤ ስለዚህ ቃሉን ከመፈለግ ይልቅ ሁለቱን ቁጥሮች መቀናነስ ይሻላል።

ልዩነቱን ካገኛችሁ በኋላ ዝርዝሩን ከሂሳብ መግለጫው ጋር አመሳክሩ። በምሳሌያችን ዝርዝሩ ወለድ 38,400 ብር፣ መቀጫ 5,600 ብር ነው። ወለዱን ራሳችሁ አስሉት፦ 480,000 በ16 በመቶ ሲባዛ የዓመቱ ወለድ 76,800 ነው፤ የስድስት ወሩ ግማሹ 38,400 ይሆናል። ከባንኩ ቁጥር ጋር ገጠመ ማለት ነው። ባንክ ብዙ ጊዜ ወለድን በቀን ስለሚያሰላ ጥቂት መቶ ብር ወዲህ ወዲያ ቢል አትደናገጡ። 181 ቀን በ365 ተካፍሎ ከተሰላ 38,084 ይመጣል፤ 184 ቀን በ360 ተካፍሎ ከተሰላ ደግሞ 39,253። ልዩነቱ ከዚህ አልፎ ብዙ ሺህ ከሆነ ግን ወይ የከፈላችሁት አንድ ክፍያ አልተመዘገበም፣ ወይ መቀጫ ከወለዱ ጋር ተቀላቅሏል፣ ወይ ወለዱ ቀደም ሲል ተጨምሮ ሳታውቁ ቆይቷል። የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

የዚህ ደረጃ ጥቅም የሚገባው የሚቀጥለውን ስታዩ ነው። ያ 44,000 ብር ዋና ብድር ውስጥ ከገባ ጀምሮ ራሱ ወለድ ይወልዳል። በ18 በመቶ፣ በ60 ወራት ተከፍሎ ሲያልቅ 67,020 ብር ያስወጣል። ወለድ የነበረው ገንዘብ 23,020 ብር ሌላ ወለድ አመጣ ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ወለዱን አንብቡ፤ መጠኑን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱን

መጠኑ 18 በመቶ ነው፤ ከ16 በሁለት ነጥብ ከፍ ብሏል። ይህን ማንም ያያል። ከሥሩ ያሉትን ሦስት ነገሮች ግን ፈልጋችሁ አንብቡ።

አንደኛ፣ «ባንኩ የወለዱን መጠን በማናቸውም ጊዜ ሊለውጥ ይችላል» የሚል አንቀጽ አለ ወይ? ካለ 13,306 ብር የዛሬ ቁጥር ነው፤ እስከ መጨረሻው እንደዚያው ለመቆየቱ ዋስትና የለውም። ለውጡ በስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚነገራችሁ ተመልከቱ። ሁለተኛ፣ አዲሱ ወለድ የሚጀምረው ከየትኛው ቀን ነው? ደብዳቤው ከተጻፈበት፣ ከተፈረመበት ወይስ ክፍያ ካቆማችሁበት? ወደኋላ ሄዶ የሚጀምር ከሆነ በደረጃ 2 ያሰላችሁት ያልተከፈለ ወለድ በ16 ሳይሆን በ18 ይሰላል፤ በምሳሌያችን 38,400 የነበረው 43,200 ይሆናል። ሦስተኛ፣ ክፍያ ሲዘገይ በወለዱ ላይ የሚጨመረው መቀጫ ስንት ነው፣ የሚሰላውስ ባልተከፈለው ክፍያ ላይ ነው ወይስ በጠቅላላው ዕዳ ላይ? በመጀመሪያው ውል ከነበረው ጋር አስተያዩት።

ደረጃ 4፦ የጊዜውን ማራዘሚያ በመጨረሻው ክፍያ ቀን ለኩ

ደብዳቤው «በ24 ወር ተራዝሟል» ይላል፤ 36 የነበረው 60 ስለሆነ ነው። ነገር ግን 36ቱ ወር መቆጠር የጀመረው ክፍያ ከቆመበት ቀን ነው፤ ስድስቱ ወር አልፏል። ባለወፍጮዋ በቀድሞው ውል ዕዳቸውን የሚጨርሱት ከዛሬ 30 ወር በኋላ ነበር። አሁን የሚጨርሱት ከዛሬ 60 ወር በኋላ ነው። እውነተኛው ማራዘሚያ 30 ወር ነው ማለት ነው።

ስለዚህ በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የወር ቁጥር አትመኑ። ከቀድሞው ሠንጠረዥ የመጨረሻውን ክፍያ ቀን፣ ከአዲሱም ሠንጠረዥ የመጨረሻውን ክፍያ ቀን አውጡና በመካከላቸው ያለውን ወር ቁጠሩ። መያዣችሁ ነፃ የሚወጣው፣ ዋሳችሁም የሚያርፈው በዚያ ቀን ስለሆነ ይህ ቁጥር ከገንዘቡ ውጭም ትርጉም አለው።

የእፎይታ ጊዜ ከተሰጣችሁ በዚያ ወቅት ወለዱ ምን እንደሚሆን እዩ። በ524,000 ብር ላይ የአንድ ወር ወለድ 7,860 ብር ነው። «የሦስት ወር እፎይታ» ማለት ወለዱን እየከፈላችሁ ዋናውን ማቆየት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ምንም ሳትከፍሉ ወለዱ በየወሩ ወደ ዋናው እየተደመረ መቆየት ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው መንገድ ክፍያ በምትጀምሩበት ቀን ዕዳው 547,935 ብር ደርሶ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ወርኃዊ ክፍያውን ራሳችሁ አስሉ

ኤክሴል ካላችሁ ባዶ ሳጥን ውስጥ ይህን ጻፉ፦

```
=PMT(18%/12,60,-524000)
```

13,306.16 ይመጣል። ኤክሴል ከሌላችሁ ሳይንሳዊ የሂሳብ ማሽን ይበቃል። የዓመቱን ወለድ ለ12 አካፍሉ፤ 0.015 ይሆናል። 1.015ን 60 ጊዜ በራሱ አባዙ፤ 2.4432 ይመጣል። 1ን በ2.4432 አካፍላችሁ ውጤቱን ከ1 ቀንሱ፤ 0.5907 ይሆናል። በመጨረሻ የወሩን ወለድ 7,860ን በ0.5907 አካፍሉ፤ 13,306 ገደማ ታገኛላችሁ።

የእናንተ ቁጥርና የባንኩ ቁጥር በጥቂት ብር ቢለያዩ የቀን አቆጣጠር ወይም ሳንቲም ማጠጋጋት ነው። በሺህ የሚቆጠር ልዩነት ካለ ግን አንድ ነገር ተደብቋል። በጣም የተለመደው ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው ብድር ላይ ቋሚ ሆኖ መሰላቱ ነው። በዚያ አሠራር ይኸው ብድር በየወሩ 16,593 ብር ያስከፍላል፤ የሚጻፈው ወለድ ግን ያው 18 በመቶ ነው። ለማረጋገጥ የሠንጠረዡን የወለድ ዓምድ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ፤ በየወሩ እየቀነሰ ካልሄደ ወለዱ ቋሚ ነው።

ሠንጠረዡን ከያዛችሁ አይቀር የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮችም አስሉ። በአንደኛው ወር ከ13,306 ብር ውስጥ 7,860 ወለድ፣ 5,446 ዋና ነው፤ ቀሪው 518,554። በሁለተኛው ወር ወለዱ 7,778፣ ዋናው 5,528፤ ቀሪው 513,026። በቀድሞው ውል ከ16,875 ብር ውስጥ 6,400 ብቻ ወለድ ሆኖ 10,475 ብር ዋናውን ይቀንስ ነበር። አሁን ከዕዳው ላይ በየወሩ የሚነሳው በግማሽ ያህል አንሷል። በዚህ አካሄድ ባለወፍጮዋ ስምንት ወር ሙሉ፣ በጠቅላላው 106,448 ብር ከፍለው የሚደርሱት 478,075 ብር ላይ ነው። ክፍያ ሲያቆሙ የነበረው 480,000 ነበር።

ደረጃ 6፦ የጠቅላላ ወጪውን ለውጥ አውጡ

13,306 በ60 ሲባዛ 798,360 ብር ይሆናል። ከደረጃ 1 ያገኘነውን 607,500 ስንቀንስ 190,860 ብር ይተርፋል። የማሻሻያው ዋጋ ይህ ነው፤ በየወሩ 3,569 ብር የቀለለው በዚህ ዋጋ ነው።

ደረጃ 7፦ ጭማሪውን ለሦስት ክፈሉት

190,860 ብሩ ከየት መጣ? ከተደመረው ወለድ፣ ከተራዘመው ጊዜ ወይስ ከጨመረው ወለድ? ይህን ካላወቃችሁ ባንኩ ዘንድ ሄዳችሁ ምን እንደምትጠይቁ አታውቁም። ዘዴው ቀላል ነው፦ ከቀድሞው ብድር ተነሱና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጣችሁ አስሉ።

```
=PMT(16%/12,36,-480000)
=PMT(16%/12,36,-524000)
=PMT(16%/12,60,-524000)
=PMT(18%/12,60,-524000)
```

የመጀመሪያው መስመር የቀድሞው ብድር ነው፦ በወር 16,875፣ በድምሩ 607,500። በሁለተኛው የለወጥነው ዋናውን ብድር ብቻ ነው፦ በወር 18,422፣ በ36 ወር 663,192። ጭማሪው 55,692 ብር ሲሆን የተጠራቀመው ወለድና መቀጫው ከዋናው በመደመራቸው የመጣ ነው። በሦስተኛው ጊዜውን ወደ 60 ወር አራዘምን፦ በወር 12,743፣ በድምሩ 764,580። ጭማሪው 101,388 ብር ነው። በአራተኛው ወለዱን ወደ 18 አሳደግን፦ በድምሩ 798,360፤ ጭማሪው 33,780።

ሰው ሁሉ የሚጨነቅበትና ከብድር ባለሙያው ጋር የሚከራከርበት የወለዱ መጨመር ከሦስቱ ትንሹ ነው። ከጭማሪው ከግማሽ በላይ የሆነውን ያመጣው «እፎይ» የተባለለት የጊዜ ማራዘሚያ ነው። በእናንተ ደብዳቤ ላይ ድርሻው ሊለይ ይችላል፤ ለዚህ ነው ራሳችሁ ማስላት ያለባችሁ። ቅደም ተከተሉን ብትቀያይሩ የየአንዳንዱ ድርሻ ይንቀሳቀሳል፤ ጠቅላላው 190,860 ግን አይለወጥም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚከፈል አንድ ብር የዛሬውን አንድ ብር ያህል አይገዛም። ስለዚህ 190,860ን ዛሬ ከኪስ እንደሚወጣ ገንዘብ አትቁጠሩት። ወፍጮው በወር ከ14,000 ብር በላይ የማያተርፍ ከሆነም ረጅሙ ጊዜ ብቸኛው መውጫ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ የሚጠቅመው ይህን መውጫ በስንት እንደምትገዙት አውቃችሁ እንድትገቡበት ነው።

ደረጃ 8፦ ሁለት አማራጮችን አስልታችሁ ለባንኩ አቅርቡ

ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ገና ውሉ አልተፈረመም። ከፊርማ በፊት ሌላ አማራጭ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ጥያቄው ተቀባይነት የሚያገኘው ግን በቁጥር ሲቀርብ ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ ጊዜውን ማሳጠር ነው። በ48 ወር ወርኃዊ ክፍያው 15,393 ብር፣ ጠቅላላው 738,864 ብር ይሆናል። ከባንኩ ሐሳብ 59,496 ብር ያድናል፤ ወርኃዊው ክፍያም ከቀድሞው 16,875 አሁንም ያንሳል። በወር 2,087 ብር ለመጨመር አቅም ካለ ይህ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ያልተከፈለውን 44,000 ብር ከፊርማ በፊት ከፍሎ ዋናውን በ480,000 ማስቆም ነው። በ18 በመቶና በ60 ወር ወርኃዊው 12,189፣ ድምሩ 731,340 ይሆናል። የተከፈለው 44,000 ሲጨመርበት 775,340 ነው፤ 23,020 ብር ይድናል። ሁሉንም መክፈል ካልቻላችሁ ግማሹንም ቢሆን አቅርቡ። ይህን ለማድረግ ግን ሌላ ቦታ በውድ ወለድ አትበደሩ፤ የሚድነው ገንዘብ እዚያው ይቀራል።

ጥያቄውን በቃል አትተዉት። እንዲህ ብላችሁ ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ በማኅተም አስመልሱ፦

«በቁጥር … በቀን … የተጻፈው የብድር ማሻሻያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ከፊርማ በፊት የሚከተሉት እንዲገለጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ 1. ወደ ዋናው ብድር የተደመረው ገንዘብ በወለድና በመቀጫ ተለይቶ ከነአሰላሉ፤ 2. አዲሱ ወለድ የሚጀምርበት ቀን፤ 3. ሙሉ የመክፈያ ሠንጠረዥ በ60 ወርና በ48 ወር፤ 4. ከጊዜው በፊት ብከፍል የሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ መኖር አለመኖሩ።»

አራተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራው ሲያገግም ዕዳውን ቀድሞ መዝጋት ለሚያስብ ሰው ወሳኙ እርሱ ነው። ቀድሞ መክፈል በነፃ ከተፈቀደ 60 ወሩን ፈርማችሁ በ48ቱ ልክ መክፈል ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ትርፉ ክፍያ ለሚቀጥለው ወር ተራ እንዳይያዝና ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስ በጽሑፍ አሳውቁ።

ደረጃ 9፦ ከደብዳቤው ውጭ ያለውን ወጪ ጨምሩ

798,360 ብር ውስጥ የሌሉ ወጪዎች አሉ። የመያዣው ኢንሹራንስ በየዓመቱ ስለሚታደስ በተራዘመው ጊዜ ልክ ዓረቦን ትከፍላላችሁ። የአገልግሎት ክፍያ፣ የመያዣ ውል ምዝገባ ወይም የንብረት ግምት ካስፈለገ የማን ወጪ እንደሆነ ጠይቁ። ሁሉንም ጻፉና በደረጃ 6 ካገኛችሁት ላይ ደምሩ።

ማስጠንቀቂያዎች

ሠንጠረዥ ያልተያያዘበትን ደብዳቤ አትፈርሙ። «በኋላ ይመጣል» የተባለ ሠንጠረዥ ሲመጣ ከደብዳቤው ጋር ቢጣረስ ፊርማችሁ ቀድሟል።

ማሻሻያው መያዣውን ለአዲሱ 524,000 ብር ያሰረ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው፣ በውሉ ላይ ስምምነት ካለ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ከፊርማ በኋላ የሚቀር አንድ ክፍያ ከቀድሞው በበለጠ ዕዳ ላይ የሚቀር ክፍያ ነው።

ዋስ ካላችሁ ደብዳቤውን አሳዩት፤ ከላይ የተሠራውንም ስሌት አሳዩት። ዋሱ የገባው ለቀድሞው ውል ነበር፤ በዚያ ውል የቀረው ደግሞ 480,000 ብርና 36 ወር ነበር።

የተለመዱ ስህተቶች

የቀድሞውን ጠቅላላ ብድር ከአዲሱ ጋር ማወዳደር። በመጀመሪያው ውል ላይ ያለው ገንዘብ ከተከፈለው ጋር ያለ ስለሆነ ንጽጽሩን ያዛባል። ሁልጊዜ ክፍያ ካቆማችሁበት ቀን ያለውን ቀሪ ተጠቀሙ።

የዓመቱን ወለድ ለ12 ሳያካፍሉ ማስላት። ኤክሴሉ ላይ 18%ን ብቻ ከጻፋችሁ ወርኃዊው ክፍያ ከ94,000 ብር በላይ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ስታዩ ያጠፋችሁት ይህንን ነው።

የመክፈያ ቀኑን በራስ የቀን አቆጣጠር መያዝ። ይህኛው ጎንደር ውስጥ ብዙ ሰው መቀጫ የሚያስከፍል ነው። ሠንጠረዡ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች ቀን ይታተማል። «05/08/2026» የሚለው ኦገስት ወይም ሜይ መሆኑን መጀመሪያ ለዩ፤ ኦገስት 5 ከሆነ ሐምሌ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ሜይ 8 ከሆነ ግን ሚያዝያ 30። የሚቀጥለውን መስመር ስታዩ የሚለወጠው ቁጥር የወሩ ስለሆነ በዚያ ይታወቃል። ከዚያ ደግሞ የጳጉሜን ነገር አለ። በየወሩ በ5ኛው የፈረንጆች ቀን የሚከፈል ብድር በ2026 ሴፕቴምበር ላይ ነሐሴ 30 ይውላል፤ ኦክቶበር ላይ ግን መስከረም 25። ነሐሴ 30 የከፈለ ሰው «ወሩ በገባ በ30» ብሎ እስከ መስከረም 30 ከጠበቀ አምስት ቀን አልፎታል። 60ዎቹን ቀናት በአንድ ቁጭታ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ገልብጣችሁ ከሠንጠረዡ ጎን በእርሳስ ጻፉ፤ የመክፈያውንም ገንዘብ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ቀድማችሁ አስገቡ፤ ቀኑ እሑድ ወይም በዓል ላይ ሊውል ይችላልና።